ደብዳቤው መጨረሻ ይታረም፦ የገንዘብ መልቀቂያ ጥያቄን ከስምምነቱ ጋር ስለማስማማት

እንደምን ዋላችሁ። አብዛኞቻችሁ ፕሮጀክት ላይ የምትሠሩ፣ ለለጋሽ የሚላክ ወረቀት በእጃችሁ የሚያልፍ ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የሚቀጥለው ዙር ገንዘብ እንዲለቀቅ ስንጠይቅ የምንልከው ጥያቄ ሦስት ነገር ይይዛል። ሸኚ ደብዳቤ አለ፣ የሒሳብ ሠንጠረዥ አለ፣ ሥራው መሠራቱን የሚያሳዩ አባሪዎች አሉ። ሦስቱን የሚያዘጋጁት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ደብዳቤውን አስተባባሪዋ ትጽፋለች፣ ሠንጠረዡን ፋይናንስ ይሠራል፣ አባሪው ከመስክ ይመጣል። ሁሉም የየራሱን በደንብ ሠርቶ ይሆናል። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አይስማሙም። የአራሚው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በለጋሹ በኩል ወረቀቱን የምትቀበለው የፋይናንስ ባለሙያ ምን እንደምታደርግ አስቡት። ስምምነቱን በአንድ በኩል፣ ጥያቄያችንን በሌላ በኩል ትከፍታለች። ሥራው ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ መመዘን የእሷ ድርሻ አይደለም፤ ያንን የፕሮግራም ሰው ያየዋል። እሷ የምትፈልገው ለዚህ ዙር የተቀመጠው ማይልስቶን መሟላቱን፣ የተጠየቀው ገንዘብ በምን ስሌት እንደመጣና የሚወጣባቸው የበጀት ርዕሶች ስምምነቱ ላይ ያሉት መሆናቸውን ነው። ደብዳቤው አንድ ቁጥር፣ ሠንጠረዡ ሌላ ቁጥር ካለ፣ የትኛው ትክክል እንደሆነ እሷ ልትወስንልን አትችልም። ፈርማ ብታሳልፈው ኦዲተር ሲመጣ የምትጠየቀው እሷ ናት። ስለዚህ ትመልሰዋለች። ወረቀቱ እየተመላለሰ ሳለ መስክ ላይ ያለው ሥራ ይቆማል፣ ደመወዝ ይዘገያል።

አንድ ምሳሌ ይዤ ልሂድ። ለዚህ ንግግር ብዬ ያዘጋጀሁት ነው። ግጭቶቹ ግን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ያረመ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው።

ፕሮጀክቱ የንጹሕ ውሃ ፕሮጀክት ነው። ጠቅላላ ድጋፉ 120,000 ዶላር ሲሆን በአራት ዙር ይለቀቃል። የመጀመሪያው ዙር 36,000 ዶላር ተለቋል። አሁን የሚጠየቀው ሁለተኛው ነው። ስምምነቱ ስለ ሁለተኛው ዙር እንዲህ ይላል፦ 8 የውሃ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ የውሃው ጥራት ተመርምሮ፣ ለተጠቃሚዎች ኮሚቴ ርክክብ ሲደረግ፣ እንዲሁም 60 የኮሚቴ አባላት ሥልጠናቸውን ሲያጠናቅቁ፣ ለጋሹ እስከ 42,000 ዶላር ይለቃል። መጠኑም የቀጣዩ ስድስት ወር ዕቅድ ከሚጠይቀው ላይ በእጅ ያለው ቀሪ ገንዘብ ተቀንሶ የሚገኘው ነው።

ወደ አራሚው የመጣው ረቂቅ ደብዳቤ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «8 ጉድጓዶችን በማጠናቀቅና 64 ሰዎችን በማሠልጠን ሁለተኛውን ማይልስቶን በስኬት ስላሳካን፣ የሁለተኛው ዙር 42,000 ዶላር እንዲለቀቅልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ሲነበብ ጥሩ ይመስላል። ሰዋስዉም ችግር የለበትም። ብዙ አራሚ እዚህ ላይ «በስኬት» የሚለውን ያወጣና ያሳልፈዋል።

የእኔ ምክር ደብዳቤውን ለጊዜው አስቀምጡት ነው። የመጀመሪያው የሚከፈት ፋይል ስምምነቱ ነው። እሱም ማሻሻያ ተደርጎበት ከሆነ የመጨረሻው የተፈረመው ቅጂ። ከዚያ ሦስት ነገር በባዶ ወረቀት ላይ ቃል በቃል ገልብጡ፦ የዚህን ዙር የክፍያ ቅድመ ሁኔታ፣ የገንዘቡን አሰላል፣ የበጀት ርዕሶቹን ቁጥርና ስም። ቃል በቃል የምለው በምክንያት ነው። በራሳችን አባባል ስናሳጥረው ከሁሉ ቀድማ የምትጠፋው ቃል ብዙ ጊዜ ዋናዋ ናት። በዚህ ምሳሌ «8 ጉድጓድ መቆፈር» ብለን ብንጽፍ የጥራት ምርመራውም ርክክቡም ጠፉ ማለት ነው። ረቂቁም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። «በማጠናቀቅ» አለና ምኑ እንደተጠናቀቀ ሳይናገር ቀረ።

አሁን ማይልስቶኑን ከአባሪው ጋር እናስተያይ። አባሪው ውስጥ የርክክብ ሰነድ ያላቸው ጉድጓዶች 6 ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ተቆፍረዋል፣ ፓምፕም ተገጥሞላቸዋል፣ ግን የውሃ ናሙናው ላቦራቶሪ ነው ያለው። ውጤቱ ሳይመጣ ርክክብ አይደረግም። የመስክ ባልደረቦቻችን 8 ሲሉ አልዋሹም፤ ቁፋሮው አልቋል። ስምምነቱ ግን ክፍያውን ያሠረው በቁፋሮ አይደለም፣ በርክክብ ነው። በስምምነቱ መለኪያ ቁጥሩ 6 ነው።

እዚህ ላይ አራሚው ምን ማድረግ እንደማይችል በግልጽ ልናገር። ይህን ክፍተት በቃላት መድፈን አይችልም። «8 ጉድጓዶች በመጠናቀቅ ላይ ይገኛሉ» ወይም «በአብዛኛው ተጠናቀዋል» የሚል አጻጻፍ ማይልስቶኑን አያሟላም፤ አንባቢዋን ጥርጣሬ ውስጥ ብቻ ይከታታል። ያለው አማራጭ ወደ አስተባባሪዋ ተመልሶ «ወይዘሮ እንትና፣ ሁለቱ አልተረከቡም፣ ምን እናድርግ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ውጤቱ በቅርቡ የሚመጣ ከሆነ ጥያቄው ይቆያል። የሚዘገይ ከሆነና ገንዘቡ ቶሎ ካስፈለገ ደግሞ፣ ጥያቄው ከመላኩ በፊት ለለጋሹ ተጽፎ፣ በ6 ጉድጓድ ክፍያው እንዲፈቀድ ወይም በከፊል እንዲለቀቅ የጽሑፍ ስምምነት ይገኛል። ያ ደብዳቤ ከዚያ በኋላ የጥያቄው አባሪ ይሆናል። በስልክ «ችግር የለም፣ ላኩት» ተብለን ከሆነ፣ እሱን በኢሜይል አስደግፉት። ስልኩን ያነሳው ሰውና ክፍያውን የሚፈርመው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

በምሳሌያችን ጥያቄው ቆየ፣ ውጤቱ መጣ፣ ሁለቱም ጉድጓዶች ርክክብ ተደረገባቸው። ስለዚህ 8 የሚለው ቁጥር አሁን ስምምነቱም ላይ፣ አባሪውም ላይ እውነት ነው።

የሥልጠናው ጉዳይ ቀለል ይላል። ደብዳቤው 64 ይላል፣ የፊርማ ዝርዝሩ ላይ ግን 61 የኮሚቴ አባላት ናቸው ያሉት። ሦስቱ አሠልጣኞች ናቸው። የሚጻፈው 61 ነው። ስምምነቱ የጠየቀው 60 ስለሆነ በቂ ነው። 64 ብለን ብንተወው ምን አለበት የሚል ይኖራል። ያለበት ነገር፣ አንባቢዋ አባሪውን ቆጥራ 61 ስታገኝ ሌሎቹንም ቁጥሮች እንደገና መቁጠር መጀመሯ ነው።

አሁን ወደ በጀት ርዕሶቹ። ይህን ከገንዘቡ መጠን በፊት የማየው ሆን ብዬ ነው። ርዕሶቹ ሳይስተካከሉ የተደመረ ድምር ኋላ መፍረሱ አይቀርም።

ስምምነቱ ላይ ያሉት ርዕሶች ስድስት ናቸው፦ 1.1 የሠራተኛ ደመወዝ፣ 2.1 ቁፋሮና ፓምፕ ተከላ፣ 2.2 ሥልጠና፣ 3.1 ትራንስፖርት፣ 4.1 ክትትልና ግምገማ፣ 5.1 የአስተዳደር ወጪ። ረቂቅ ሠንጠረዡ ላይ ግን 2.2 «የአቅም ግንባታ» ተብሏል። 3.1 ደግሞ «ነዳጅና የሞተር ሳይክል ጥገና» ሆኗል። ለእኛ ያው ነው። የሒሳብ መዝገባችን እንደዚያ ስለሚጠራቸው ፋይናንስ ከዚያ ገልብጦ ነው። ለለጋሿ ባለሙያ ግን «የአቅም ግንባታ» ስምምነቱ ላይ የሌለ ርዕስ ነው። ነዳጅና ጥገናም ከትራንስፖርት ጠበብ ያለ ነገር ነው፤ የቀረው ትራንስፖርት የት ሄደ ብላ ትጠይቃለች። ስለዚህ የስምምነቱን ቁጥርና ስም እንዳለ መልሱ። የራሳችሁ መዝገብ ሌላ ስም ካለው፣ የትኛው የመዝገብ ስም በየትኛው የስምምነት ርዕስ ሥር እንደሚገባ የሚያሳይ ማዛመጃ ቢሮ ውስጥ ይኑራችሁ። አንዴ ከተሠራ ለፕሮጀክቱ ዕድሜ ሁሉ ይበቃል።

ከስም ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ርዕስ ሥር የተሸሸገ ነገር ነው። በሠንጠረዡ 5.1 ላይ ባለፈው ጊዜ የወጣው 1,500 ዶላር ሲሆን ለቀጣዩ የታቀደው 2,700 ነው። በ1,200 ለምን ጨመረ? ተጠይቆ ሲጣራ ላፕቶፕ ሊገዛ ነው። አስፈላጊ ይሆናል፤ የመስክ ሪፖርት ያለ ኮምፒዩተር አይጻፍም። ችግሩ ስምምነቱ የዕቃ ግዢ የሚል ርዕስ የለውም፣ የአስተዳደር ወጪ ዝርዝሩ ላይም ኮምፒዩተር አልተጠቀሰም። ብዙ ስምምነቶች ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው የተወሰነ ገንዘብ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 10 በመቶ፣ ያለ ቅድመ ፈቃድ ማዛወርን ይፈቅዳሉ። ያ ግን ባሉት ርዕሶች መካከል ነው። ያልነበረ የወጪ ዓይነት ማስገባት የበጀት ማሻሻያ ነው፣ እሱም የራሱ ደብዳቤና የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። የገንዘብ መልቀቂያ ጥያቄ ውስጥ ጠቅልሎ ማሳለፍ አይገባም። ካለፈም ኦዲት ላይ ተቀባይነት የሌለው ወጪ ተብሎ እንድንመልሰው ይደረጋል። ስለዚህ ላፕቶፑ ወጥቶ 5.1 ወደ 1,500 ይመለስ፣ የማሻሻያ ጥያቄው ለብቻው ይጻፍ።

እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ታውቃላችሁ? የሁለት ጊዜ ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማየት በቂ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ለእያንዳንዱ ርዕስ አራት ዓምድ ይኑር፦ የጸደቀው በጀት፣ እስካሁን የወጣው፣ ለቀጣዩ የታቀደው፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው። የሚቀረው ዓምድ ላይ ከዜሮ በታች የወረደ ቁጥር ካለ ርዕሱ ከጸደቀለት በጀት ሊያልፍ ነው። ምክንያት ሳይኖረው የዘለለ ቁጥር ካለ ደግሞ ውስጡ የሆነ ነገር አለ። ቁፋሮው ለምሳሌ ከ17,600 ወደ 25,000 ጨምሯል። ግን ቀጣዩ ዙር ብዙ ጉድጓድ ስለሚቆፈርበት ምክንያቱ ዕቅዱ ላይ ይታያል።

አሁን ገንዘቡ። ረቂቁ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ሠንጠረዡ ሲደመር 43,100 ዶላር ነው፣ ደብዳቤው ግን 42,000 ይላል። እንዴት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ስምምነቱ ላይ 42,000 የሚል ተጽፏል፣ ሠንጠረዡ ከዚያ ስላለፈ ጸሐፊዋ ጣሪያውን ጻፈች። «እስከ» የምትለዋ ቃል ግን ተረሳች። 42,000 ከዚያ በላይ እንዳይጠየቅ የተቀመጠ ወሰን ነው። የሚጠየቀው ገንዘብ በስሌት ይገኛል፦

የቀጣዩ ስድስት ወር ዕቅድ፣ ላፕቶፑ ሲወጣ፦ 43,100 − 1,200 = 41,900
በእጅ ያለው ቀሪ ገንዘብ፣ ከተለቀቀው ላይ የወጣው ሲቀነስ፦ 36,000 − 31,400 = 4,600
የሚጠየቀው፦ 41,900 − 4,600 = 37,300

የሚጠየቀው 37,300 ዶላር ነው። ከጣሪያው በታች ነው፣ እያንዳንዱም እርምጃ የት እንዳለ ይታያል። «ከተፈቀደልን ያነሰ ለምን እንጠይቃለን?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ያልተጠየቀው ገንዘብ አይጠፋም። የጠቅላላ ድጋፉ አካል ሆኖ ይቆያል፤ የሚቀጥለው ዙር ጣሪያ ለዚያ ሰፊ ካልሆነ ከለጋሹ ጋር የሚነጋገሩበት ነገር ነው። ሳያስፈልግ በእጅ የተከማቸ ገንዘብ ግን በሚቀጥለው ሪፖርት ከፍተኛ ቀሪ ሆኖ ይታይና ቀጣዩን ክፍያ ያዘገያል። በአውሮፓ ኅብረት የውጭ ድጋፍ መደበኛ ደንብ ላይ ለምሳሌ ካለፈው ክፍያ 70 በመቶው ካልወጣ ተከታዩ ቅድመ ክፍያ ይቀነሳል። የእኛ ምሳሌ ከ36,000 ላይ 31,400 ስላወጣ 87 በመቶ ነው፣ በዚያ መለኪያም ያልፍ ነበር።

ቀሪ ገንዘቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከ4,600 ውስጥ 2,900 ዶላር ለፓምፕ ተካዩ ኮንትራክተር የሚከፈል ዕዳ ነው። ሁለቱ ጉድጓዶች ርክክብ ሲደረግ እንዲከፈለው ውል አለው። ፋይናንስ «ይሄ ገንዘብ እኮ የእኛ አይደለም» ብሎ ከቀሪው ሊቀንሰውና ቀሪ 1,700 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አባባሉ ትክክል ነው። ግን ያው 2,900 በቀጣዩ ዕቅድ 2.1 ሥር፣ ከ25,000ው ውስጥም ተካቷል። ሁለቱም ቦታ ከተተወ ለአንድ ዕዳ ሁለት ጊዜ ጠየቅን ማለት ነው። ጥያቄው 40,200 ይሆናል፣ 2,900 በትርፍ። ድምሩ ከጣሪያው በታች ስለሆነ ማንም አያየውም። ስለዚህ ደንቡን ቀላል አድርጉት፦ ቀሪ ማለት ባንክና ሳጥን ውስጥ በተወሰነው ቀን የነበረ ገንዘብ ነው፤ ያልተከፈለ ዕዳ ሁሉ በዕቅዱ በኩል ይግባ፣ ከሥሩም «ከዚህ ውስጥ 2,900 ባለፈው ዙር ለተሠራ ተከላ» የሚል አንድ መስመር ማስታወሻ ይኑረው። የለጋሹ ቅጽ ለተያዘ ዕዳ የራሱ ዓምድ ካለው የቅጹን ሥርዓት ተከተሉ፣ ግን አንድ ቦታ ብቻ።

ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኤጀንሲዎች ጋር የምትሠሩ ፌስ የሚባለውን ቅጽ ታውቁታላችሁ። እዚያ ላይ ቀሪው የሚሰላው D = A − C በሚል ነው። A የተፈቀደው ገንዘብ፣ C ኤጀንሲው የተቀበለው ወጪ ነው፤ እኛ አወጣን ያልነው B ላይ ነው የሚገባው። ከላክነው ወጪ ውስጥ ደረሰኝ ጎድሎት ያልተቀበሉት ካለ፣ በእነሱ መዝገብ ገንዘቡ አሁንም በእጃችን ነው። የእኛ ቀሪና የእነሱ ቀሪ ሲለያዩ መጀመሪያ የሚታየው ልዩነት ይኸው ነው።

ሌላው ቀኑ ነው። ጥያቄው ስለቆየ፣ የወጪ ሪፖርቱ የሚዘጋበት ቀንና የመጨረሻው ርክክብ ቀን ተለያይተዋል። ይህ ችግር የለውም፣ ግን ሁለቱም ይጻፉ። ቀሪው ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር የሚገጥመው በተዘጋው ቀን ብቻ ነው። ሰው አዘምናለሁ ብሎ ደብዳቤው ላይ ያለውን የመዝጊያ ቀን ቢያድስ፣ በመሀል የወጡት ወጪዎች የት ገቡ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ምንዛሪ ያለበት ፕሮጀክት ከሆነም ሠንጠረዡና ሪፖርቱ አንድ ዓይነት የምንዛሪ አሰላል ይከተሉ። የትኛው እንደሆነ ስምምነቱ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደብዳቤው ይከፈታል። አሁን ማረም ሳይሆን ከሠንጠረዡ ላይ መገልበጥ ነው የሚሆነው። የታረመው እንዲህ ይነበባል፦

«በስምምነቱ የክፍያ ሰሌዳ መሠረት የሁለተኛው ዙር ማይልስቶን ተሟልቷል። 8 የውሃ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ የውሃ ጥራታቸው ተመርምሮ፣ ለተጠቃሚዎች ኮሚቴ ርክክብ ተደርጓል (አባሪ 1 እና 2)። 61 የኮሚቴ አባላት ሥልጠናቸውን አጠናቀዋል (አባሪ 3)። የቀጣዩ ስድስት ወር ዕቅድ 41,900 ዶላር ሲሆን ሪፖርቱ በተዘጋበት ቀን በእጃችን የነበረው ቀሪ 4,600 ዶላር ነው (አባሪ 4)። ስለዚህ 37,300 ዶላር እንዲለቀቅልን እንጠይቃለን።»

የማይልስቶኑ ቃላት የስምምነቱ ቃላት መሆናቸውን ልብ በሉ። ተመሳሳይ ቃል እየደጋገሙ መጻፍ ድርሰት ላይ ያሰለቻል። እዚህ ግን «ርክክብ» ያልነውን በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር «ማስረከብ ሂደት»፣ ከዚያ «ማጠናቀቅ» ካልን ሦስት የተለያየ ነገር የተናገርን ይመስላል። ስምምነቱ ያለውን ቃል ያዙ፣ እስከ መጨረሻ አትልቀቁት። «በግምት»፣ «ወደ 37 ሺህ ገደማ» የሚሉትንም አውጡ። ሠንጠረዡ 37,300 ካለ ደብዳቤውም 37,300 ይበል፤ በፊደል ከተጻፈም ሠላሳ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ተብሎ ይጻፍ። ቁጥሩ ተለውጦ በፊደል የተጻፈው የቀድሞው ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለመላክ ዝግጁ ሲሆን ለአንድ ያላየው ሰው ስምምነቱንና ጥያቄውን ብቻ ስጡት። እያንዳንዱን የደብዳቤ ቁጥር በጣቱ እየጠቆመ ከየት እንደመጣ ይፈልግ። ያላገኘው ቁጥር ካለ፣ ያ ቁጥር ወይ አባሪ ጎድሎታል ወይ መውጣት አለበት። «ምን ለማለት ፈልጋችሁ ነው?» ብሎ ከጠየቃችሁ ደግሞ በአፍ አትመልሱለት። መልሱን ወረቀቱ ላይ ጻፉት፤ የለጋሿ ባለሙያ አጠገቧ ሆኖ የሚያስረዳት ሰው የላትም።

ተልኮም ጥያቄ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ለጋሹ ለምሳሌ የ4.1ን 1,500 ወደ 1,000 ዝቅ አድርጉ ቢል፣ ሠንጠረዡን ብቻ አስተካክሎ መላክ ይቀላል። ግን ዕቅዱ 41,400 ይሆናል፣ የሚጠየቀውም 36,800፣ በፊደል የተጻፈውም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሙሉውን ጥቅል በአዲስ የቅጂ ቁጥርና ቀን ላኩ፣ የተለወጡትን ቦታዎች በአንድ አጭር አንቀጽ ዘርዝሩ፣ የድሮውን ሠንጠረዥም ከላካችሁት ፋይል ውስጥ አውጡት።